አንድ አድራሻ ለሁለት፦ የቢሮ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት

በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች ተመሳሳይ አይፒ አድራሻ ሲይዙ ኔትወርኩ ጨርሶ አይሞትም። ጥቂት ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ማንም ሳይነካው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሠራተኞች የአንዷ ኢሜይል ሲከፈት የሌላው ገጽ እየተሽከረከረ ይቀራል፤ ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወቀሰው የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ራውተሩ ይጠፋና ይበራል፣ ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል፣ የችግሩ ምንጭ የሆነው መሣሪያ ግን እዚያው ቢሮ ውስጥ እንደተሰካ ይቆያል።

ነገሩን ለመረዳት እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት መለያ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው አይፒ አድራሻ ነው። በትንንሽ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ ይጀምራል፤ ራውተሩ ያድለዋል ወይም ሰው በእጁ ይሞላዋል፣ በተፈለገ ጊዜም ይቀየራል። ሁለተኛው ማክ አድራሻ ይባላል። ይህኛው ከፋብሪካ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚመጣ ባለ 12 ምልክት መለያ ሲሆን፣ በስክሪን ላይ በአኃዞችና ከ a እስከ f ባሉ የላቲን ፊደላት ይጻፋል። በአንድ ስዊች ዙሪያ ባሉ መሣሪያዎች መካከል መረጃ ከእጅ ወደ እጅ የሚደርሰው በማክ አድራሻ ነው። አይፒ አድራሻውን ብቻ የሚያውቅ ኮምፒውተር እንግዲህ መረጃውን ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ማክ አድራሻ ማግኘት አለበት።

ይህን የሚያገኘው በ1982 በተደነገገውና ዛሬም በሥራ ላይ ባለው ኤአርፒ በተባለው አሠራር ነው። ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ «192.168.1.1 የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይበትናል። ባለ አድራሻው «የእኔ ነው፤ ማክ አድራሻዬም ይኸውልህ» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂውም መልሱን ለአጭር ጊዜ በማስታወሻ ሠንጠረዡ ይይዘዋል። መልሱ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራ ማንም የለም። አበበ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ባሉበት ክፍል «አበበ!» ተብሎ ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» እንደሚሉት፣ አንድ አድራሻ የያዙ ሁለት መሣሪያዎችም ሁለቱም ይመልሳሉ፤ ጠያቂው ኮምፒውተር ግን የሚመዘግበው አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚመዘግብ የሚወስነው የማን መልስ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደደረሰና የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያምን ነው።

መቆራረጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የማስታወሻ ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ለየብቻው አለ፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ላይ ግማሹ ቢሮ ትክክለኛውን መሣሪያ፣ ግማሹ የተሳሳተውን ይዞ ሊሠራ ይችላል። የተመዘገበውም መልስ ቋሚ አይደለም። በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች አንድ መልስ ከ15 እስከ 45 ሴኮንድ ከቆየ በኋላ በጥርጣሬ ይታይና እንደገና ይረጋገጣል። ከዚህ በላይ፣ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ራሱ ጥያቄ ሲበትን የጠያቂው አይፒና ማክ አድራሻ አብሮ ስለሚላክ፣ ጥያቄውን የሰማ ኮምፒውተር ሠንጠረዡን በዚያው ያድሳል። ማንም ምንም ሳይነካ ግንኙነቱ የሚጠፋውና የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻውን የተጋሩት ሁለት ተራ ኮምፒውተሮች ቢሆኑ ጉዳቱ በሁለቱ ላይ ይወሰናል። ቢሮውን ሁሉ የሚያምሰው የራውተሩ አድራሻ ሲደገም ነው፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ሁሉ በዚያ አድራሻ በኩል ያልፋልና። ይህ ደግሞ እንዴት እንደሚከሰት አንድ የተለመደ ሁኔታ ያሳያል።

አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ፕሪንተርና ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች ያለው ቢሮ አለ እንበል። ራውተሩ 192.168.1.1 ነው። የስብሰባ ክፍሉ ዋይፋይ ደካማ በመሆኑ ከመጋዘን አንድ አሮጌ የዋይፋይ ራውተር ይወጣና እንደ ማሰራጫ እንዲያገለግል ይወሰናል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ከስዊቹ የመጣውን ኬብል ኢንተርኔት በሚገባበት ቀዳዳ ሳይሆን ከኮምፒውተር መሰኪያዎቹ በአንዱ ይሰካል፤ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የተባለ አገልግሎትም ያጠፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚረሳው የአሮጌው ራውተር የራሱ አድራሻ ነው፤ ያም ከፋብሪካ እንደወጣ 192.168.1.1 ሆኖ ይቀራል። ብዙ አምራቾች ምርታቸውን በዚህ አድራሻ ወይም በ192.168.0.1 አስተካክለው ስለሚያወጡ ግጭቱ እንደ አጋጣሚ የሚቆጠር አይደለም፤ ሳይጠበቅ መምጣቱ ነው የሚገርመው።

ማሰራጫው በተሰካ ማግስት ቅሬታ ይጀምራል፤ ለማወቅ የሚያስቸግሩ ሁለት ወጥመዶችም አብረው ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አለመታየቱ ነው። ዊንዶውስ የአድራሻ ግጭት ሲያይ መልእክት የሚያወጣው የራሱ አድራሻ ሲነካበት ነው። እዚህ ላይ የተደገመው የራውተሩ አድራሻ በመሆኑ የሚጎዱት ኮምፒውተሮች የሚያዩት ነገር የለም፤ የተጋጩት ሁለት ሣጥኖች ደግሞ ስክሪን የላቸውም።

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። ችግር ሲኖር ብዙ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ሙከራ ራውተሩን በፒንግ መጥራት ነው፤ 192.168.1.1 ሲጠራ ግን ሁልጊዜ መልስ ይመጣል። የመለሰው ትክክለኛው ይሁን አሮጌው ፒንግ አይናገርም። ወደ አሮጌው የሄደ መረጃ ከዚያ ማለፍ አይችልም፤ የኢንተርኔት መግቢያ ቀዳዳው ባዶ ነውና መረጃውን ይጥለዋል። ውጤቱም «ራውተሩ ደህና ነው፣ ኢንተርኔቱ ነው የጠፋው» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ነው። ከዚህ በኋላ የሚደረገው የስልክ ጥሪ ሁሉ ወደ አቅራቢው ነው።

የአቅራቢውን ችግር ከአድራሻ መደገም የሚለይ አንድ ምልክት አለ። ከውጭ የሚመጣው መስመር ሲቋረጥ ቢሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። አድራሻ ሲደገም ግን አንዱ ሲያጣ ጎረቤቱ ያገኛል። ስለዚህ ፍተሻው መጀመር ያለበት ችግሩ በሚታይበት ሰዓት፣ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ አንዱ የሚሠራ፣ ሌላው የተቋረጠበት። በሁለቱም ላይ የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ ይከፈትና መጀመሪያ `ipconfig` ተብሎ ይጻፋል። `Default Gateway` በሚለው መስመር ላይ ያለው አድራሻ በሁለቱም አንድ መሆኑ ይታያል። ቀጥሎ የዚያ አድራሻ ማክ አድራሻ ይጠየቃል፦

```
arp -a 192.168.1.1
```

በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ይህ ቢታይ፦

```
192.168.1.1    00-00-5e-00-53-1a    dynamic
```

በተቋረጠው ላይ ደግሞ ይህ ቢታይ፦

```
192.168.1.1    00-00-5e-00-53-c7    dynamic
```

ጉዳዩ አብቅቷል ማለት ይቻላል። አንድ አይፒ አድራሻ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት የተለያዩ ማክ አድራሻዎች። (እዚህ የተጻፉት ማክ አድራሻዎች ለማስተማሪያ ጽሑፎች ብቻ የተተዉ ናቸው፤ በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ሌላ ይነበባል።) ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ በዋናው ራውተር ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይታወቃል። አንዳንድ ራውተር ለኢንተርኔት መግቢያውና ለውስጥ መሰኪያዎቹ የተለያየ ማክ አድራሻ ስላለው፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መጨረሻው በአንድ ወይም በሁለት ቢለይ የአንዱ መሣሪያ እንደሆነ ይቆጠራል።

ችግሩ በዚያ ሰዓት ባይታይም መፈተሽ ይቻላል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተ የትእዛዝ መጻፊያ ላይ የተመዘገበው መልስ ይሰረዝና ጥያቄው እንደ አዲስ ይበተናል፦

```
arp -d 192.168.1.1
ping -n 1 192.168.1.1
arp -a 192.168.1.1
```

ይህ ደጋግሞ ሲደረግ አንዳንዴ አንዱ፣ አንዳንዴ ሌላው ማክ አድራሻ ይወጣል። ነገር ግን ዘዴው ጉድለት አለው። ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ሁልጊዜ የሚቀድም ከሆነ አሥር ጊዜ ቢሞከርም አንድ ዓይነት መልስ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ አንድ ዓይነት መልስ መታየቱ እንግዲህ ለነጻነት ማስረጃ አይሆንም። ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ከተገኘ የመጣውን መልስ ሁሉ የሚያሳይ የተሻለ መሣሪያ አለ፦

```
sudo arping -b -I eth0 -c 5 192.168.1.1
```

`eth0` በሚለው ፋንታ የላፕቶፑ የኔትወርክ ካርድ ስም ይገባል። `-b` የሚለው መተው የለበትም። ያለ እሱ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን መልስ ካገኘ በኋላ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች ለዚያ ለመለሰው ብቻ ይልካል፤ ሁለተኛው መሣሪያም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ዝም ያለ ይመስላል። ከእሱ ጋር ግን ጥያቄው እያንዳንዱ ጊዜ ለሁሉም ይበተናል፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ፣ በሁለት ማክ አድራሻ፣ ተከታትሎ ይነበባል።

ምንም ፕሮግራም ለማይወድ ሰው ደግሞ ኬብል መንቀል ይበቃዋል። ዋናው ራውተር ከስዊቹ ይነቀልና፣ በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር የቆየው መልስ በ`arp -d` ከተሰረዘ በኋላ፣ 192.168.1.1 በፒንግ ይጠራል። ራውተሩ ተነቅሎ ሳለ መልስ ከመጣ የሚመልሰው ሌላ ነው። በዚያው ሰዓት ያንን አድራሻ በኢንተርኔት ማሰሻ መክፈት ብዙ ልፋት ይቀንሳል፤ የሚመጣው መግቢያ ገጽ ላይ የአምራቹ ስም፣ ብዙ ጊዜም የሞዴሉ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የድብቁ መሣሪያ ማንነት በራሱ አንደበት ይነገራል።

አሮጌው ራውተር የት እንደተቀመጠ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ፍለጋው በስዊቹ በኩል ይቀጥላል። የራሱ መቆጣጠሪያ ገጽ ያለው ስዊች የትኛው ማክ አድራሻ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ አለው፤ መጨረሻው `c7` የሆነው ተፈልጎ ኬብሉን መከተል ነው። በትንንሽ ቢሮዎች የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገጽ የሌለው ተራ ስዊች ነው። እዚያ ላይ ዋናው ራውተር እንደተነቀለ ይቆይና በአንድ ኮምፒውተር ላይ `ping -t 192.168.1.1` እየሠራ ኬብሎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። የትኛው ሲነቀል መልሱ እንደሚቆም የሚያይ አንድ ሰው ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። 24 ኬብል በተራ ከመንቀል ይልቅ የኮምፒውተሩን ኬብል ብቻ ትቶ ግማሹን በአንድ ጊዜ መንቀል፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ፣ እያሉ መቀጠል ይፈጥናል፤ በአራት ወይም በአምስት ዙር ከአንድ ቀዳዳ ላይ ያደርሳል። ይህ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢደረግ ለሁሉም ሰላም ነው።

ማክ አድራሻው ራሱም ፍንጭ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች ለአምራቹ በአይ ትሪፕል ኢ የሚመደቡ ስለሆኑ በኢንተርኔት ላይ ባሉ መፈለጊያዎች ሲገቡ የአምራቹን ስም ያወጣሉ፤ የካሜራ አምራች ስም ከወጣ ዓይን ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ከፋብሪካ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው የሚመጡ የጥበቃ ካሜራዎች፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲሰቀሉ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉና። የአሁን ስልኮች ግን ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ አድራሻ ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ምልክት 2፣ 6፣ `a` ወይም `e` ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የተመደበ ሳይሆን በመሣሪያው የተፈጠረ ነው፤ የአምራች ፍለጋም ዋጋ የለውም።

ሁለት ማክ አድራሻ በታየ ቁጥር ግን ጥፋት አለ ማለት አይደለም። በሁለት ኬብል ከአንድ ስዊች ጋር የተገናኘ የሊኑክስ ሰርቨር ለአንድ አድራሻው በሁለቱም ካርዶች ሊመልስ ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ ተደርገው የተጣመሩ ራውተሮችም አድራሻ ይጋራሉ፤ ይህ ግን በአሥራ ሁለት ሰው ቢሮ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሌላው መታወቅ ያለበት የፍተሻው ወሰን ነው። የኤአርፒ ጥያቄ ከራውተር አያልፍም፤ ስለዚህ ሙከራው ችግሩ ካለበት ኔትወርክ ውስጥ ሆኖ መደረግ አለበት። ለእንግዶች በተለየ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ የዋናውን ቢሮ ግጭት መፈለግ ከንቱ ነው።

መፍትሔው ከፍለጋው ያጥራል። አሮጌው ራውተር ከስዊቹ ይነቀላል፤ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ብቻ በኬብል ይገናኛል። ዲኤችሲፒው ስለጠፋ ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው አያገኝም፤ በእጅ 192.168.1.50 የመሰለ ይሞላለታል። ከዚያ በማሰሻው 192.168.1.1 ይከፈትና የአሮጌው ራውተር የውስጥ አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ይቀየራል። አዲሱ አድራሻ ዋናው ራውተር ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት። ዋናው ለምሳሌ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 የሚያድል ከሆነ 2 ቁጥር ነጻ ነው። ሣጥኑ ላይ አዲሱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ የሚቀጥለውን ሰው ከብዙ ድካም ያድናል። ላፕቶፑም ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት በእጅ የተሞላው አድራሻ ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ከራውተሩ እንዲቀበል ይደረጋል፤ ይህ ከተረሳ ነገ ሌላ ግጭት ይወልዳል።

ከራውተሩ አድራሻ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚደገመው የፕሪንተር ነው። ፕሪንተሩ በእጅ 192.168.1.120 ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩ ግን ራውተሩ ከሚያድላቸው መካከል ነው። ራውተሩ ይህን አያውቅም። ብዙ ራውተሮች አድራሻ ከመስጠታቸው በፊት ባለቤት እንዳለው ጠይቀው ያጣራሉ፤ ፕሪንተሩ ግን በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከሆነ የሚመልስ የለምና አድራሻው ለአንድ ላፕቶፕ ይሰጣል። ጠዋት ፕሪንተሩ ሲበራ ኅትመት ግማሽ ቀን ይሠራል፣ ግማሽ ቀን «ፕሪንተሩ አልተገኘም» ይላል። እዚህ ላይ ላፕቶፑ ራሱ ተጋጭ ስለሆነ ዊንዶውስ ዝም አይልም። በ`Event Viewer` ውስጥ፣ `System` በሚለው መዝገብ፣ በቁጥር 4199 የተጋጨው አድራሻ ከሌላኛው መሣሪያ ማክ አድራሻ ጋር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሳይፈልጉ የተገኘ መልስ ነው። ላፕቶፑ በድንገት 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይዞ መገኘቱም የዚያው ግጭት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከራውተሩ አድራሻ ማግኘት ሲያቅተውም ያንኑ ይይዛልና ምልክቱን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይሻላል። ለፕሪንተር የሚመረጠው መፍትሔ አድራሻውን በፕሪንተሩ ላይ መሙላት ሳይሆን፣ በራውተሩ ገጽ ላይ ማክ አድራሻውን አስመዝግቦ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር እንዲሰጠው ማድረግ ነው። ያኔ የአድራሻዎቹ ዝርዝር በአንድ ቦታ ብቻ ይያዛል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሦስተኛ መንገድም አለ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ለማን ምን አድራሻ እንደሰጡ የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሁሉን ረስቶ ይነሣል፤ በባትሪ የቆየ ወይም ተዘግቶ የተኛ ላፕቶፕ ግን የቀድሞ አድራሻውን እንደያዘ ነው። ራውተሩ ያንኑ አድራሻ አዲስ ለመጣ ስልክ ሲሰጥና ላፕቶፑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ዓይነቱ ግጭት ከሁለቱ አንዱ ዋይፋዩን አጥፍቶ ሲያበራ ስለሚፈታ ፍለጋ አይፈልግም። መብራት በመጣ ቁጥር የሚደጋገም ከሆነ ግን ራውተሩን በአነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ መሰካት ያስቀረዋል።

ከጥገናው በኋላ የ`arping` ሙከራው በተለያየ ሰዓት ቢደገም ይመረጣል፤ በተለይ ሁሉም ሰው ላፕቶፑን ይዞ በሚገኝበት ጠዋት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ መሣሪያ በሌሉበት ቀኖች ከተደረገ ፍተሻ ያመልጣል።